የመንትዮች ኮከብ፦ ጥቂት ደቂቃ ምን ያህል ይለያል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት እናት መንታ ወንዶች ልጆች ወለደች እንበል። የመጀመሪያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ፣ ሁለተኛው 3 ሰዓት ከ22 ላይ ተወለዱ፤ አዋላጇም ሁለት ጊዜ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ሁለቱንም ቁጥሮች ካርዱ ላይ ጻፈች። ልጆቹ አድገው ታላቅየው ዝምተኛና ቆጣቢ፣ ታናሽየው ተጫዋችና ገንዘብ እጁ ላይ የማያድር ቢሆኑ፣ የሰው ጠባይና ዕጣ ከተወለደበት ቅጽበት ሰማይ ላይ ይነበባል የሚል ሰው ይህን ልዩነት ከየት ያመጣዋል? ጥያቄው ከ2000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኮከብ ቆጣሪዎች መልስ አጥተው አያውቁም፤ እንዲያውም ያላቸው መልስ ብዙ ነው። መልሶቹ እንዴት እንደተሠሩና እያንዳንዳቸው የት ላይ እንደሚቸገሩ መረዳት የሚቻለው ግን በእነዚያ 12 ደቂቃዎች ውስጥ ሰማይ ላይ የሚለወጠውን ከለዩ በኋላ ነው።

ፀሐይ ከሐመል እስከ ሑት ባሉት አሥራ ሁለቱ የኮከብ ምልክቶች ላይ የምትጓዘው በቀን 1 ዲግሪ ያህል ስለሆነ በ12 ደቂቃ ውስጥ ቆማለች ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከሁሉም የምትፈጥነው ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ገደማ ብትሄድም በ12 ደቂቃ የምታልፈው የአንድ ዲግሪን አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው። ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርንማ ጭራሽ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣው ዓይነት፣ በተወለዱበት ወር ብቻ ተመሥርቶ የሚነገር ነገር ለሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ነው፤ እንዲያውም በዚያ ወር ለተወለደ ሰው ሁሉ አንድ ነው።

በፍጥነት የሚለወጠው በምድር መሽከርከር ምክንያት በምሥራቅ አድማስ ላይ ብቅ የሚለው ነጥብ ነው። በልደት ቅጽበት በምሥራቅ ብቅ ያለውን ምልክት «ወጪ ምልክት» እንበለው፤ ኮከብ ቆጣሪዎች የሰውየውን መልክ፣ ጠባይና አጀማመር የሚያነቡት ከእርሱ ነው። ገንዘብን፣ ወንድማማችነትን፣ ትዳርንና ሞትን የሚያሳዩ የሚሏቸው አሥራ ሁለቱ «ቤቶችም» የሚቆጠሩት ከእርሱ ተነሥቶ ነው። ሰማይ በአንድ ቀን 360 ዲግሪ የሚዞር ስለሚመስል ይህ ነጥብ በአማካይ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ይገፋል፤ በእኛ ምሳሌ ደግሞ 3 ዲግሪ ያህል ተጉዟል ማለት ነው።

የመጀመሪያው መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ታላቅየው ሲወለድ ወጪው ነጥብ የሐመል 28ኛ ዲግሪ ላይ ከነበረ፣ ታናሽየው ሲወለድ የሠውር 1ኛ ዲግሪ ላይ ደርሷል። የሐመል ገዥ ማርስ፣ የሠውር ገዥ ቬነስ ናት ስለሚባል ኮከብ ቆጣሪው አንዱን ቁጡና ፈጣን፣ ሌላውን ዝግተኛና ምቾት ወዳድ አድርጎ ለማንበብ በቂ ምክንያት አገኘ። ነጥቡ ከሐመል 12ኛ ዲግሪ ወደ 15ኛ ዲግሪ ሄዶ ቢሆን ግን ምልክቱም ገዥውም አንድ ስለሚሆኑ ትንታኔው አይለይም። አንድ ምልክት ወጥቶ የሚያልቀው በአማካይ በ2 ሰዓት ስለሆነ፣ በ12 ደቂቃ ልዩነት ከሚወለዱ አሥር መንትዮች ወሰኑ በመካከላቸው የሚወድቀው በአማካይ የአንዱ ጥንድ ብቻ ነው። የቀሩት ዘጠኝ ጥንዶች ያንኑ ወጪ ምልክት ይጋራሉ።

ይህ ቁጥር እንደየአገሩ ይለያያል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ምልክቶቹ ተቀራራቢ በሆነ ጊዜ፣ ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይወጣሉ። ለንደን ላይ ግን ሐመል 1 ሰዓት ሳይሞላው ወጥቶ ሲያልቅ ሚዛን 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይቆያል። ስለዚህ ለንደን ውስጥ በሐመል የሚወለዱ መንትዮች በ12 ደቂቃ ውስጥ ወደ 7 ዲግሪ ሲራራቁ በሚዛን የሚወለዱት 2 ዲግሪ ብቻ ይራራቃሉ። ይህ ደግሞ መንትዮች ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚወስነው እናታቸው የወለደችበት ኬክሮስ ነው ወደሚል ነገር ይመራል፤ ይህን በድፍረት የሚናገር ኮከብ ቆጣሪ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

የደቂቃዎቹን መልስ በጥንት ዘመን ታዋቂ ያደረገው ሮማዊው ኒጊድዩስ ፊጉሉስ ነው። «ፊጉሉስ» በላቲን ሸክላ ሠሪ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣለትም ለዚሁ ጥያቄ በሰጠው መልስ ነው ይባላል። የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ባለ በሌለ ኃይሉ አሽከረከረና በሚዞርበት ጊዜ አንዱን ቦታ የመታ እየመሰለ ቀለም በነካ እጁ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መታው። መንኮራኩሩ ሲቆም ሁለቱ ነጠብጣቦች ተራርቀው ተገኙ። ሰማይም እንዲሁ በፍጥነት ስለሚዞር፣ መንትዮች እኔ መንኮራኩሩን በመታሁበት ፍጥነት ተከታትለው ቢወለዱ እንኳ በሰማይ ላይ ያለው ርቀታቸው ሰፊ ነው አለ።

ታሪኩን የነገረን ሊያሳምነን ፈልጎ ሳይሆን ሊያፈርሰው ፈልጎ ነው፤ ነጋሪው የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ሲሆን የጻፈውም «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ምሳሌው በዚያ መንኮራኩር ከሚሠራው ሸክላ ይልቅ ተሰባሪ ነው ይላል። ምክንያቱም ሰማይ የማይያዝ ፈጣን ከሆነና ጥቂት ቅጽበት ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣ ከሆነ፣ መንታ ላልሆነውስ ሰው ትክክለኛዋን ቅጽበት ማን ይዞለት ነው ኮከብ ቆጣሪው ዕጣውን የሚነግረው? አውግስጢኖስ ያዕቆብንና ኤሳውንም ያነሣል። ያዕቆብ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ስለወጣ በመካከላቸው ክፍተት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሕይወታቸው ግን የተራራቀ ሆነ።

በእኔ አመለካከት የአውግስጢኖስ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ከማንም በላይ ግልጽ ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎች የተወለድንበትን ሰዓት የምናውቀው ከእናቶቻችን ነው፤ እነርሱም «ቅዳሴ ሲወጣ»፣ «ዶሮ ሲጮኽ»፣ «ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ» ይሉናል። በሆስፒታል ውስጥ የተጻፈው ሰዓት እንኳ ወደ 5 ወይም ወደ 10 ደቂቃ የተጠጋጋ ሊሆን ይችላል፣ የግድግዳው ሰዓትም ሊያጎድል ወይም ሊቀድም ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የልደት ቅጽበት የሚባለው ጭንቅላቱ ሲወጣ፣ ሲያለቅስ ወይስ እትብቱ ሲቆረጥ መሆኑ ላይ ኮከብ ቆጣሪዎች ራሳቸው አልተስማሙም። ይህ የሰዓት ችግር ለባለሙያዎቹ አዲስ አይደለም፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የጻፈው በጥሊሞስ የፀሐይና የውሃ ሰዓቶች እንደሚያሳስቱ አስጠንቅቋል። እንግዲህ «3 ሰዓት አካባቢ ነው የተወለድኩት» ለሚል ደንበኛ ሙሉ ትንታኔ የሚሰጥ ሰው፣ የመንትዮች ጥያቄ ሲነሣበት ብቻ 12 ደቂቃ ሌላ ሰው ታደርጋለች ሊል አይችልም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት።

ሁለተኛው መልስ ከዲግሪ ይልቅ በዕድሜ ላይ ያተኩራል። ከጥንት ጀምሮ በሚሠራበት አንድ የአቆጣጠር ስልት መሠረት ሰማይ ከልደት በኋላ የሚዞረው እያንዳንዱ 1 ዲግሪ 1 የሕይወት ዓመት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ የእኛ መንትዮች የ12 ደቂቃ ልዩነት የ3 ዓመት ልዩነት ይሆናል፤ ሁለቱም ያገባሉ፣ ነገር ግን አንዱ በ27 ዓመቱ ቢያገባ ሌላው በ30 ዓመቱ ያገባል ማለት ነው። ይህ መልስ አንድ መልካም ጎን አለው፤ ቁጥር ስለሚናገር ሊፈተሽ ይችላል። ሮማዊው ሲሰሮ ኮከብ ቆጠራን ሲተች ፕሮክሌስና ዩሪስቴኔስ የተባሉ የስፓርታ መንትያ ነገሥታትን ያነሣል፤ ፕሮክሌስ የሞተው ከወንድሙ 1 ዓመት ቀድሞ ነበር። በዚህ ስልት የ1 ዓመት ልዩነት 4 ደቂቃ ስለሆነ ኮከብ ቆጣሪው አይደነግጥም። ነገር ግን ሲሰሮ በዚያው ቦታ ፕሮክሌስ በሥራው ዝና ከወንድሙ እጅግ ይበልጥ እንደነበረ ይጨምራል። የዕድሜ አቆጣጠሩ አንድ ነገር መቼ እንደሚሆን ይነግራል እንጂ ለአንዱ ሆኖ ለሌላው ለምን እንዳልሆነ አይነግርም።

ጥያቄውን በጥልቀት የያዙት የህንድ ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው። እነርሱ እያንዳንዱን ምልክት ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይቆራርጡታል። በዘጠኝ ሲከፈል አንዱ ክፍል ወጥቶ የሚያልፈው በ13 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በስድሳ ሲከፈል ግን በ2 ደቂቃ ያልፋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ክሪሽናሙርቲ የተባለ የደቡብ ህንድ ኮከብ ቆጣሪ ደግሞ እኩል ያልሆኑ ክፍሎችን ተጠቀመ፤ ከእነዚህ ትንሹ በ3 ደቂቃ ገደማ፣ ትልቁ በ9 ደቂቃ ገደማ ያልፋል። የስልቱ ተከታዮች መንትዮችን መለየት መቻሉን እንደ ዋና ብርታቱ ይቆጥሩታል፤ እውነትም በ12 ደቂቃ ለተለያዩት ወንድማማቾች የተለያየ ትንታኔ መስጠቱ የማይቀር ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ክፍሉ በጠበበ ቁጥር የሰዓቱ ስሕተት ይገዝፋል፤ በ2 ደቂቃ ክፍል ለሚሠራ ሰው በ5 ደቂቃ የተሳሳተ የግድግዳ ሰዓት ሌላ ሰው አቀብሎታል ማለት ነው። በቀዶ ጥገና የሚወለዱ መንትዮች ደግሞ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ውስጥ ሊከታተሉ ስለሚችሉ ጠባቡ ክፍል እንኳ አንድ ላይ ሊይዛቸው ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ሌላ መንገድ አለ። ሦስተኛው ቤት የታናሽ ወንድምና እህት ቤት ስለሆነ፣ የታላቅየው ትንታኔ ከመጀመሪያው ቤት ሲነበብ የታናሽየው ከሦስተኛው ቤት ተነሥቶ ይነበባል፤ ሦስት ከተወለዱ ሦስተኛው ከአምስተኛው ቤት ይጀምራል። ሰዓቱ አንድ ቢሆንም ትንታኔው ፈጽሞ ይለያያል፤ ወጪ ምልክቱ ሐመል ከሆነ ታላቅየው በሐመል፣ ታናሽየው በገውዝ ይነበባል። እኔ ይህን መልስ ሳየው የሚያሳስበኝ ነገር ልዩነቱ ከሰማይ ሳይሆን ከተራ ቁጥር መምጣቱ ነው። በቀዶ ጥገና ጊዜ ደግሞ ተራውን የሚወስነው ለሐኪሙ እጅ ቅርብ የሆነው ሕፃን ማንነት ነው። በዚያ ላይ ይህ ደንብ ሁሉንም መንትዮች እኩል ያራርቃል፤ እናታቸው እንኳ የምትሳሳትባቸውን፣ በአነጋገርና በአካሄድ አንድ የሆኑትንም ጭምር።

በምዕራቡ ዓለም የዘመኑ ኮከብ ቆጣሪዎች የሚወዱት መልስ ለስለስ ያለ ነው። መንትዮች አንዱን ሰማይ ይከፋፈሉታል፤ አንዱ ፀሐይዋን፣ ሌላው ጨረቃዋን ይኖራታል ይላሉ። ለምሳሌ ጨረቃ ከሳተርን ጋር ሆና ፀሐይ ከጁፒተር ጋር ብትሆን ቆጣቢው ታላቅየው በጨረቃ በኩል፣ ተጫዋቹ ታናሽየው በፀሐይ በኩል ወጣ ይባላል። የማንኛውም ሰው የልደት ሰማይ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ስለማያጣ ይህ መልስ ሁልጊዜ ይሠራል። ግን ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚታወቀው ልጆቹ አድገው ጠባያቸው ከታየ በኋላ ነው፤ ሁለት ሕፃናት ፊቱ ተጋድመው ሳለ ኮከብ ቆጣሪው የትኛው ቆጣቢ እንደሚሆን በዚህ መንገድ ሊናገር አይችልም።

በአገራችን በአውደ ነገሥት ለሚያሰላ ሰው የመንትዮች ጥያቄ በዚህ መልክ አይነሣም። እርሱ የሚጠይቀው የተወለዱበትን ደቂቃ ሳይሆን ስምንና የእናትን ስም ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ስላለው የሁለቱ ስሞች ቁጥር ይደመራል፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ የተረፈው ቁጥር ከሐመል ጀምሮ እስከ ሑት ሲቆጠር የሚያርፍበት የሰውየው ኮከብ ይባላል። የታላቅየው ስም ከእናቱ ስም ጋር 47 ቢመጣ በ12 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ኮከቡ ደለዊ ነው። የታናሽየው ድምር 52 ቢሆን 4 ይተርፋል፤ ኮከቡ ሸርጣን ነው። የእናታቸው ስም አንድ ስለሆነ ልዩነቱን ያመጣው የራሳቸው ስም ብቻ ነው። ክርስትና ስም ደግሞ የሚሰጠው ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ስለሆነ፣ በክርስትና ስም የሚያሰላ ሰው ኮከቡን ያገኘው ልጁ ሲወለድ ባልነበረ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ዓይነቱን ስሌት የማትቀበለው በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ከመንትዮች አንጻር ሲታይ የአውደ ነገሥት መልስ ግልጽነት አለው፤ ሰማይ አንድ ነው፣ ስም ግን ይለያያል።

እስካሁን ያየነው የተለያየ ትንታኔ መስጠት መቻሉን ነው፤ ይህም እንደሚቻል ግልጽ ነው። የሚከብደው ጥያቄ ትንታኔው ከሰዎቹ ጋር መግጠሙ ነው፤ በዚህ ላይ መንትዮች ራሳቸው አንድ መፈተኛ ያቀርባሉ። መንትዮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ከአንድ እንቁላል ተከፍለው ስለሚወጡ የዘር ውርሳቸው አንድ ነው፤ ሌሎቹ ከሁለት እንቁላል ስለሚገኙ በዘር ውርስ ከተራ ወንድማማቾች አይለዩም። ሁለቱም ዓይነቶች ግን የሚወለዱት በደቂቃዎች ልዩነት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰማይ ሥር ነው። መመሳሰልን የሚያመጣው ሰማይ ከሆነ ሁለቱ ዓይነቶች እኩል መመሳሰል ነበረባቸው። እውነታው ግን ከአንድ እንቁላል የሆኑት በቁመት፣ በሕመምና በጠባይ ጭምር ከሁለት እንቁላል ከሆኑት እጅግ ይቀራረባሉ። ኮከብ ቆጣሪ «እነዚያ መንትዮች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ተመልከት» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የትኞቹ ዓይነት ናቸው የሚል ነው።

የሥጋ ዝምድናን ጨርሶ ለማስወገድ ደግሞ በአንድ ከተማ በአንድ ጊዜ የተወለዱ ዝምድና የሌላቸውን ሰዎች ማወዳደር ይቻላል። በ1958 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር በአንድ ሳምንት በብሪታንያ የተወለዱ ሕፃናት ለጤና ጥናት ተመዝግበው ሲያድጉም ተከታትለዋቸው ነበር። ጄፍሪ ዲን እና አይቫን ኬሊ በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል ለንደን ውስጥ የተወለዱ 2101 ሰዎችን በልደት ሰዓታቸው ቅደም ተከተል አሰልፈው ጎረቤት ለጎረቤት አወዳደሩ፤ በሁለት ተከታታዮች መካከል ያለው ጊዜ በአማካይ 4.8 ደቂቃ ነበር። በ110 መለኪያዎች፣ ከቁመትና ክብደት እስከ ጭንቀትና የትምህርት ችሎታ ሲያወዳድሯቸው ከአጋጣሚ የበለጠ መመሳሰል አላገኙም። ኮከብ ቆጣሪዎች በፈተናና በመጠይቅ የሚለካው ነገር የልደት ሰማይ ከሚናገረው ጋር አንድ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰማይ ስለምን እንደሚናገር አስቀድሞ መወሰንን ከእነርሱ ይጠይቃል።

ወላጆች ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ፍተሻም አለ። ኮከብ ቆጣሪው ልጆቹን ሳያይና ስለ ጠባያቸው ሳይነገረው፣ በካርዱ ላይ ካሉት ሁለት ሰዓቶች ብቻ ተነሥቶ ሁለት ትንታኔዎች ይጻፍ። በትንታኔዎቹ ላይ ስምም ሰዓትም «ታላቅ» ወይም «ታናሽ» የሚል ቃልም አይኑር፤ ልጆቹን በደንብ የሚያውቅና ሰዓቱን ያላየ ሰው፣ አያት ወይም አስተማሪ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ይለይ። በአንድ ጥንድ ላይ በትክክል መገመት ሳንቲም እንደ መወርወር ስለሆነ ምንም አያሳይም። በአሥር ጥንድ መንትዮች ላይ አሥሩንም ሳይሳሳት የለየ ሰው ግን በአጋጣሚ ይህን የሚያገኘው ከ1024 ሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።